ጥቅሱን ከመቁረጣችን በፊት አውዱን እንጻፍ

ዋሽንግተን ዲሲ የሚኖር ወይም ከተማዋን የጎበኘ ሰው የማርቲን ሉተር ኪንግን መታሰቢያ ሳያየው አይቀርም። ከትልቅ ነጭ ድንጋይ የወጣ፣ እጆቹን ያጣመረ ሐውልት ነው። መታሰቢያው በ2011 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለሕዝብ ሲከፈት በሐውልቱ ጎን አንድ መስመር ተቀርጾበት ነበር። «የፍትሕ፣ የሰላምና የጽድቅ የማርሽ ባንድ መሪ ነበርኩ» የሚል። ዛሬ ብትሄዱ አታገኙትም። በ2013 ከድንጋዩ ላይ እንዲጠፋ ተደርጓል።

የጠፋው ሐሰተኛ ጥቅስ ስለሆነ አይደለም። ቃላቱ ከኪንግ አፍ የወጡ ናቸው። የጠፋው ሲያሳጥሩት ትርጉሙ ስለተበላሸ ነው። በየቀኑ በኢንስታግራም፣ በፌስቡክና በቴሌግራም የምናያቸው የጥቅስ ካሮሰሎች የሚሳሳቱትም አብዛኛውን ጊዜ እዚሁ ጋ ይመስለኛል። ከአንድ ሰው ንግግር ስድስት ሰባት ጠንካራ መስመር ይመረጣል፣ እያንዳንዱ በካርድ ላይ ይጻፋል፣ ፎቶ ይጨመርበታል፣ ይለቀቃል። የፈጠራ ጥቅስ ቶሎ ይጋለጣል። እውነተኛው ጥቅስ ግን ግማሹ ተቆርጦም «ብሏል እኮ!» ተብሎ ይከራከሩበታል።

የሐውልቱን ታሪክ ጠጋ ብለን እንየው፤ ሥራው እንዴት እንደሚበላሽና እንዴት እንደሚቃና ሁለቱንም ያሳያል።

ኪንግ ይህን የተናገሩት በ1968፣ ፌብሩዋሪ 4 ቀን፣ አትላንታ በሚገኘው ኤቤነዘር ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ነው። ልክ በሁለት ወሩ ተገደሉ። የስብከቱ ርዕስ ማርሽ ባንድ ሲሰለፍ ከሁሉም ፊት ዱላውን እየወዘወዘ የሚሄደውን ሰው ይመለከታል። ኪንግ እንደሚሉት ሁላችንም ውስጥ ያ ሰው የመሆን ፍላጎት አለ። ከፊት መሆን፣ መታየት፣ መጀመሪያ መባል እንፈልጋለን። ከዚያ ይህ ፍላጎት ምን እንደሚያደርገን በሰፊው ይዘረዝራሉ። ከገቢያችን በላይ መኪና እንድንገዛ ያደርገናል። አንዱ ዘር ሌላውን እንዲንቅ ያደርገዋል። አገርም ከአገር በላይ ልሁን እንድትል ያደርጋታል። እንግዲህ በዚህ ስብከት ውስጥ የማርሽ ባንድ መሪ መሆን በአብዛኛው የሚገሠጽ ነገር ነው።

ወደ መጨረሻው ላይ ስለ ራሳቸው ቀብር ያነሳሉ። ረጅም ቀብር አልፈልግም ይላሉ። ንግግር የሚያደርገው ሰውም አያስረዝም፣ የኖቤል ሽልማቴን አያንሳ ይላሉ። የተራበን ለማብላት፣ የታረዘን ለማልበስ፣ የታሰረን ለመጠየቅ ሞክሯል ተብሎ ይነገርልኝ ይላሉ። ከዚህ በኋላ ነው ያ መስመር የሚመጣው። ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ነው፦

«አዎ፣ የማርሽ ባንድ መሪ ነበር ልትሉኝ ከፈለጋችሁ፣ የፍትሕ የማርሽ ባንድ መሪ ነበር በሉኝ። የሰላም የማርሽ ባንድ መሪ ነበር በሉ። የጽድቅ የማርሽ ባንድ መሪ ነበርኩ። ሌላው ጥልቀት የሌለው ነገር ሁሉ ዋጋ አይኖረውም።»

ይህን ከሐውልቱ መስመር ጋር አስተያዩት። እዚህ ያሉት ሰው ስም ሊሰጧቸው ለፈለጉ ሰዎች መልስ እየሰጡ ነው። «ግዴላችሁም፣ ይህን ስም ካልሰጠሁ ካላችሁ እንኳ፣ ቢያንስ ለዚህ አድርጉት» ነው ነገሩ። ድንጋዩ ላይ ያሉት ሰው ግን ደረታቸውን ነፍተው ለራሳቸው ማዕረግ ይሰጣሉ። ያውም ማዕረግ መፈለግን ሲገሥጹ ከቆዩበት ስብከት ተወስዶ። ገጣሚዋ ማያ አንጀሉ ያኔ አጥብቃ ተቃውማለች። ጥቅሱ ኪንግን ትዕቢተኛ አስመስሏቸዋል፤ «ከፈለጋችሁ» የምትለው መቅረቷም ትርጉሙን ፈጽሞ ለውጦታል ነው ያለችው። ልክ ነበረች።

የሚገርመው የተቆረጠበት ምክንያት ነው። በሥራው ላይ የነበረው አርክቴክት እንዳስረዳው ጥቅሱ ከሐውልቱ በአንዱ ጎን ወደ ሌላው ሲዛወር ሙሉው የሚሆን ቦታ አልነበረም። ክፋት አልነበረበትም። የቦታ ጥበት ነው። ካርድ የሚሠራ ዲዛይነር በየቀኑ የሚገጥመው ችግር ይኸው ነው። ጽሑፉ አልገባ ይላል፣ ፊደሉ ያንሳል፣ «ትንሽ እንቁረጠው» ይባላል።

ሆኖም ማሳጠር ራሱ ጥፋት አይደለም። የእንግሊዝኛው ሙሉ ጥቅስ ከአርባ ቃል በላይ ነው። የተቀረጸው 10 ቃል ነበር። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ብቻ ወስደው ቢሆን በ20 ቃል ገደማ ይጨርሱ ነበር፤ «የማርሽ ባንድ መሪ ነበር ልትሉኝ ከፈለጋችሁ፣ የፍትሕ የማርሽ ባንድ መሪ ነበር በሉኝ።» ሰላምና ጽድቅ ቀርተዋል፣ ሰውየው ግን አሉ። የሚቆረጠው ከዳር ነው። ሁኔታውን የያዘችውን ቃል ቆርጦ ሦስቱን ስሞች መሰብሰብ ግን ጥቅስ መሆኑ ቀርቶ ማጠቃለያ ይሆናል። ማጠቃለያ ደግሞ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አይገባም።

አሁን ከዚሁ ስብከት እኛ ካሮሰል እንሥራ ብንልስ? የትኛው መስመር እንደሚያጓጓና የትኛው እንደሚያሳስት ላሳያችሁ።

መጀመሪያ ዓይን የሚገባው የኃይል መስመር ነው። ስብከቱ መሃል ላይ ስለ አሜሪካና ስለ ቬትናም ጦርነት ሲናገሩ «ተነሥቼ የኃይልህን አከርካሪ እሰብራለሁ» የሚል ሐሳብ ያለው ዓረፍተ ነገር አለ። ለካርድ እንዲህ ያለ የት ይገኛል? አጭር ነው፣ ያስደነግጣል፣ ከኪንግ ፎቶ ጋር ሲሆን ሼር ይደረጋል። ነገር ግን እዚያ «እኔ» የሚለው ኪንግ አይደሉም። ሁለት ዓረፍተ ነገር ወደ ኋላ ብትመለሱ የሚያመልኩት አምላክ በብሉይ ኪዳን ዘመን ለዕብራውያን ይናገር እንደነበረው «አትቀልዱብኝ» ማለት ያውቃል ብለው፣ የእግዚአብሔርን ድምፅ ይዘው ነው የሚናገሩት። ነቢያቱን እየጠቀሱ ነው። ካርዱ ላይ ይህ ካልተጻፈ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዓመፅ አልባ ትግልን ያስተማሩ ሰው መንግሥትን በጉልበት ሲያስፈራሩ ይታያሉ። ሰባኪ፣ ጠበቃና ፖለቲከኛ ሲናገሩ የሌላ ሰው ድምፅ ይዋሳሉ። የተቃዋሚያቸውን ሐሳብ ሊያፈርሱት ሲሉ መጀመሪያ ራሱ እንደሚለው አድርገው ይናገሩታል። ስለዚህ «እኔ» የሚል መስመር ስታገኙ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ማን ነው «እኔ» የሚለው የሚለው ነው።

ሁለተኛው አጓጊ መስመር «አስፈላጊ ሰው የመሆን ፍላጎታችሁን አትተዉት፤ አንደኛ የመሆን ፍላጎታችሁንም አትተዉት» የሚለው ነው። ይህ ብቻውን ቢለጠፍ የስኬት አሠልጣኝ ነው የሚመስለው። ሰው ከሥሩ «በርቱ!» ብሎ ይጽፋል። ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር ግን በ«ነገር ግን» ይጀምራል፤ በፍቅር አንደኛ እንድትሆኑ እፈልጋለሁ፣ በግብረ ገብ ልቀት፣ በለጋስነት። ይህም ቢሆን ኪንግ በራሳቸው ስም የሚናገሩት አይደለም። ያዕቆብና ዮሐንስ በቀኝህና በግራህ እንቀመጥ ብለው ኢየሱስን የጠየቁበትን ታሪክ ከማርቆስ ወንጌል አንሥተው፣ ኢየሱስ የሰጣቸውን መልስ በራሳቸው አነጋገር እያሰፉት ነው። ከ«ነገር ግን» በፊት የቆመ ጥቅስ አብዛኛውን ጊዜ ተናጋሪው ሊተወው የተዘጋጀ ሐሳብ ነው። ሁለቱን በአንድ ካርድ ማስገባት ካልተቻለ ካርዱ ይቅር። ከ«ነገር ግን» በኋላ ያለውን ብቻ መውሰድ ደግሞ ይቻላል፤ እሱ ራሱን ችሎ ይቆማል።

ሦስተኛው በጣም የታወቀው ነው፤ ሁሉም ሰው ታላቅ መሆን ይችላል፣ ምክንያቱም ሁሉም ሰው ማገልገል ይችላልና። ይህ ቢወጣ ብዙም ጉዳት የለውም። ትርጉሙ አይገለበጥም። ነገር ግን አውድ ሲያገኝ ክብደቱ ይጨምራል። ከእሱ በፊት «ከእናንተ ታላቅ የሆነው አገልጋያችሁ ይሁን» የሚለውን ታላቅነትን የሚተረጉም አዲስ መለኪያ ጠቅሰው፣ ይህ መለኪያ ማለት ሁሉም ሰው ታላቅ መሆን ይችላል ማለት ነው ብለው ነው የሚደርሱበት። መደምደሚያ ነው፣ መነሻ አይደለም።

ከእነዚህ ሦስቱ የተማርኩትን አሠራር ልንገራችሁ። መስመሩን ከመምረጤ በፊት አውዱን እጽፋለሁ። ሙሉውን ንግግር ካነበብኩ በኋላ (ቅጂው ካለም ከሰማሁ በኋላ) ለእያንዳንዱ ዕጩ መስመር አንድ ዓረፍተ ነገር እጽፋለታለሁ። ለማን ነው የሚመልሰው? ከእሱ በፊት ምን ብሎ ነበር? በማን ድምፅ ነው? ይህች ዓረፍተ ነገር ከ15 ወይም ከ20 ቃል ካለፈች፣ መስመሩ ያለ ትልቅ ማብራሪያ አይቆምም ማለት ነው። ያን ጊዜ ሌላ መስመር እፈልጋለሁ። ብዙ ሰው ግን በተቃራኒው ይሠራል። የሚያምረውን ያወጣል፣ ዲዛይኑ ያልቃል፣ መጨረሻ ላይ «ከሥሩ ምን እንበል?» ይላል። በዚያ ሰዓት አውዱ ለጥቅሱ ማጌጫ ሆኖ ነው የሚጻፈው። የአከርካሪውን መስመር የሠራ ሰው «ኪንግ ለአሜሪካ ያስተላለፉት ከባድ ማስጠንቀቂያ» ብሎ ሊጽፍበት ይችላል። እውነት ይመስላል። ማን እንደተናገረ ግን አሁንም ተደብቋል። እኔ ብሆን «ስለ ቬትናም ጦርነት ሲናገሩ፣ እግዚአብሔር ለትዕቢተኛ አገር የሚለውን በነቢያት አነጋገር ሲያሰሙ» እላለሁ። ደረቅ ነው። ግን አንባቢው «እኔ» ማን እንደሆነ ያውቃል።

የአውድ ጽሑፉ ራሱ ከጥቅሱ በላይ ሊያሳስት ይችላል። ግሦቹን ተመልከቷቸው። «አስጠነቀቁ»፣ «አመኑ»፣ «ተሳለቁ»፣ «አጋለጡ» እያንዳንዳቸው ፍርድ ይዘዋል። «አመኑ» ካልን ሰውየው ሲደብቁት የነበረ ነገር አለ ማለታችን ነው። «አሉ» በቂ ነው። አውዱ የሚሰጠው ቦታን፣ ጊዜን፣ አድማጭንና ከፊት የነበረውን ነገር ነው። ምን መሰማት እንዳለበት አንባቢው ራሱ ይወስን።

ስለ ሦስት ነጥብም ልበል። ከአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተጨማሪ ስም ወይም ድግግሞሽ ወጥቶ በምትኩ ሦስት ነጥብ ቢገባ እሺ። ከንግግሩ መጀመሪያና ከመጨረሻው የተወሰዱ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች በሦስት ነጥብ ሲገናኙ ግን ተናጋሪው ያላደረገውን ክርክር እየፈጠርንለት ነው። እነዚያ ሁለት ካርድ ናቸው። ካርዶቹም በንግግሩ ቅደም ተከተል ይሂዱ። የቀብሩን ክፍል መጀመሪያ፣ የጦርነቱን ክፍል መጨረሻ ብናደርግ፣ ትሕትናን ሲሰብክ የነበረ ሰው ንግግሩን በቁጣ የዘጋ ይመስላል። አንድም ቃል ሳንቀይር ስብከቱን ቀየርነው ማለት ነው።

እኛ ጋ ይህን የሚያከብደው አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ቴሌግራም። እዚያ የፎቶ አልበም እስከ 10 ምስል ይይዛል፣ ካፕሽኑ ግን ለአልበሙ ነው። ሰው አራተኛውን ካርድ ብቻ ለወንድሙ ሲልክ ካፕሽኑ ላይ የጻፍነው ማብራሪያ አብሮ አይሄድም። ኢንስታግራም ላይም ስክሪንሾት ተነሥቶ ስቶሪ ላይ የሚወጣው አንድ ካርድ ነው። ስለዚህ «አውዱን ካፕሽን ላይ አድርጌዋለሁ» ማለት አያዋጣም። የተናጋሪው ስም፣ ቦታው፣ ቀኑና ያቺ አንድ የአውድ ዓረፍተ ነገር በየካርዱ ላይ መኖር አለባት። ፊደሏ ትነስ፣ ግን ስልክ ላይ ሳይጎላ የምትነበብ ትሁን። ጥቅሱ ከሌላ ቋንቋ የተመለሰ ከሆነም «ትርጉም የእኛ» የምትል ነገር እዚያው ትግባ። ከላይ የጻፍኳቸው የኪንግ ቃላት በአማርኛ የእኔ ናቸው፤ ሌላ ሰው በሌላ ቃል ቢመልሳቸው አልጣላውም።

ከመልቀቅ በፊት የማደርገው አንድ ፍተሻ አለ። ንግግሩን ላልሰማ ሰው አንዷን ካርድ ብቻ አሳየውና «ይህ ሰው ምን እያለ ነው?» እለዋለሁ። መልሱን ንግግሩን ሙሉ ለሰማ ሰው እነግረዋለሁ። የሰማው ሰው «እንደሱ ሳይሆን…» ብሎ ማስረዳት ከጀመረ ካርዷ አልተሳካችም። የሐውልቱን መስመር ስብከቱን ለማያውቅ ሰው ብታሳዩት «ስለ ራሱ ይናገራል» ይላችኋል። ስብከቱን የሚያውቅ ሰው ግን ይህን አይቀበልም።

«ሰው ረጅም ነገር አያነብም» የሚል ክርክር ሁልጊዜ ይነሣል። እውነት ነው፣ አያነብም። ለዚህ ነው በምናሳጥረው ላይ መጨነቅ ያለብን። ሙሉውን የሚያነብ ሰው ስህተታችንን ራሱ ያርመዋል። ካርዷን ብቻ የሚያየው ግን ተናጋሪውን የሚያውቀው በእኛ በኩል ብቻ ነው።

የራሳችንም ትልቅ ምሳሌ አለን። አፄ ኃይለ ሥላሴ ጁን 30 ቀን 1936 ጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው በአማርኛ ተናገሩ። የፋሺስት ጋዜጠኞች እያፏጩ ሊያውኳቸው ሞክረዋል። ስለዚህ ንግግር በሚሠሩ ካርዶች ላይ በብዛት የሚወጣው «ዛሬ በእኛ ነው፤ ነገ በእናንተ ይሆናል» የሚለው ነው። በታተመው የንግግሩ ጽሑፍ ውስጥ ግን ይህ መስመር የለም። ከመድረኩ ሲወርዱ ተናገሩት ተብሎ የሚነገር ነው። ጽሑፉ የሚዘጋው ለሕዝቤ ምን መልስ ይዤ ልመለስ በሚል ጥያቄ ነው። ይህ ጥያቄ ደግሞ ለእኔ ከትንቢቱ መስመር ይበረታል፤ ምክንያቱም ከመዝጊያው በፊት በንግግሩ ውስጥ ከአውሮፕላን እንደ ዝናብ ስለሚረጨው የመርዝ ጋዝ፣ ወታደሩን፣ ሴቱን፣ ሕፃኑን፣ ከብቱንና ወንዙን ስለነካው በዝርዝር ተናግረዋል። ያን ሁሉ ካሰሙ በኋላ ነው የሚጠይቁት። በቀጣዩ ወር፣ በጁላይ፣ ማኅበሩ በኢጣሊያ ላይ የጣለውን ማዕቀብ ለማንሣት ወሰነ።

ሁለቱንም ካርድ መሥራት ይቻላል። የመጀመሪያው ላይ «ከመድረክ ሲወርዱ ተናገሩት ተብሎ የሚነገር፤ በታተመው ንግግር ውስጥ የለም» ይባላል። ሁለተኛው ላይ «የመርዝ ጋዙን ጥቃት ከዘረዘሩ በኋላ፣ ለመንግሥታት ማኅበር ተወካዮች፣ የንግግራቸው መዝጊያ» ይባላል። ንግግሩ የተደረገው በአማርኛ ስለሆነም፣ ከእንግሊዝኛው መልሰን የተረጎምነውን የንጉሠ ነገሥቱ ቃል አስመስለን በትምህርተ ጥቅስ ከማስገባታችን በፊት የአማርኛውን ጽሑፍ እንፈልግ። እስክናገኘው ድረስ ሐሳቡን ያለ ትምህርተ ጥቅስ መጻፍ ይቻላል።